ቀጣይ ስላይድ እንዳለ ማን ይንገረው?

ኢንስታግራም በአንድ ልጥፍ ብዙ ምስሎችን መደርደር የፈቀደው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው፤ መጀመሪያ እስከ 10፣ ከ2024 ወዲህ ደግሞ እስከ 20። ቀጣይ ምስል መኖሩን መተግበሪያው ራሱ ይጠቁማል፤ ከሥር ትናንሽ ነጥቦች፣ ከላይ በቀኝ ጥግ ደግሞ ቁጥር ያሳያል። ቁጥሩ ግን ብዙም ሳይቆይ ይጠፋል፤ ነጥቦቹንም በጥድፊያ የሚያልፍ ዓይን አያስተውላቸውም።

የሽሮ አሠራር በስድስት ስላይድ የምታስተምር ባለሙያ አለች እንበል። የመጀመሪያው ስላይድ ድስቱን ሙሉ በሙሉ ካሳየ ተመልካቹ ያየው ተራ ፎቶ ነው፤ ወድዶት ያልፋል። መፍትሔው ከቀስት ይጀምራል፦ በቀኝ ጠርዝ፣ ከመሃል ዝቅ ብሎ፣ «ቅመሙ ቀጥሎ አለ» ከሚል አጭር ጽሑፍ ጋር። «ያንሸራትቱ» ብቻ ማለት ትእዛዝ ነው፤ ምን እንደሚገኝ መናገር ግን ምክንያት ይሰጣል። ላይኛው ቀኝ ጥግ ቁጥሩ የሚያርፍበት ስለሆነ ባዶ ይተው።

ከቀስት የሚበልጠው ግን የተቆረጠ ምስል ነው። 2160 በ1350 ፒክስል የሆነ ሰፊ ሰሌዳ ይዘጋጅና ድስቱ መሃል ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ሰሌዳው 1080 ላይ ለሁለት ይከፈላል። ግማሽ ድስት ያየ ሰው ቀሪውን ይፈልጋል። ፊደል ግን መቁረጫው መስመር ላይ አይውደቅ፤ የተሰነጠቀ ቃል ስህተት ይመስላል።

ኢንስታግራም ሳያንሸራትት ላለፈ ሰው ልጥፉን አንዳንዴ ከሁለተኛው ስላይድ ጀምሮ ያሳየዋል። ስለዚህ ሁለተኛውም ብቻውን ሲታይ ትርጉም ይኑረው፤ የራሱም ቀስት ይኑረው። የመጨረሻው ስላይድ ላይ የተረሳ ቀስት ካለ ከመለጠፉ በፊት ይጥፋ።