ያልቸኮለው አልማዝ

«አልማዝ በራሱ ጊዜ ወደ ግራፋይት የሚለወጥ ከሆነ፣ የሙሽሮች ቀለበት ላይ ያለው አልማዝ ለምን የእርሳስ ዱቄት ሆኖ አይረግፍም?»

ጠያቂው ሳሙኤል ነው። ሳሙኤልንና የክፍል ጓደኛውን ሕይወትን ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ፈጠርኳቸው እንጂ ክርክራቸው ኬሚስትሪ የተማረ ሁሉ የሚያውቀው ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ ከፊታቸው የተገለጠው መጽሐፍ ይህ ለውጥ «ስፖንቴኒየስ» መሆኑን በአንድ መስመር ተናግሮ አልፏል።

አልማዝም ግራፋይትም ንጹሕ ካርቦን ናቸው። የሚለዩት በአተሞቻቸው አደራደር ነው። አልማዝ ውስጥ እያንዳንዱ አተም በአራት አቅጣጫ ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር ተቆላልፏል። ግራፋይት ውስጥ ግን ከሦስት ጋር ብቻ ይያያዝና እንደ እንጀራ የተደራረበ ስስ ንጣፍ ይሠራል። ንጣፎቹ እርስ በርስ የተያያዙት በደካማ ኃይል ስለሆነ በቀላሉ ይንሸራተታሉ፤ እርሳስ ወረቀት ላይ የሚጽፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። በነገራችን ላይ መጻፊያው እርሳስ ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት የለም፤ ያለው ከሸክላ አፈር ጋር የተቀላቀለ ግራፋይት ነው።

«ቃሉን መዝገበ ቃላት ላይ እይው» አለ ሳሙኤል። «‹ድንገተኛ› ነው የሚለው። ድንገተኛ የሆነ ነገር ደግሞ ሚሊዮን ዓመት አይፈጅም።»

«ያሳሳተህ እሱ ትርጉም ነው» አለችው ሕይወት። «ኬሚስትሪ ውስጥ ቃሉ ስለ ጊዜ ምንም አይናገርም። የሚናገረው ስለ አቅጣጫ ነው። ከውጭ የሚገፋው ከሌለ ለውጡ ወዴት ያዘነብላል? መልሱ ይኸው ብቻ ነው። እናንተ ቤት ያለውን የከሰል ማዳበሪያ አስበው። ከሰሉ ዙሪያውን በኦክሲጅን ተከቧል፤ ከኦክሲጅን ጋር ተዋህዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑም በራሱ የሚሄድ ለውጥ ነው። ግን ዓመት ሙሉ እንዳለ ይቀመጣል።»

«ክብሪት ስላልነካው ነዋ! አንዴ ከተያያዘማ ማንም ሳይነካው እስኪያልቅ ይነዳል። አልማዝን ግን በክብሪት ብትለኩሺው ግራፋይት አይሆንልሽም።»

ይህ ጥሩ ተቃውሞ ነው፤ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ሳያነሱት ያልፋሉ። መልሱ ያለው የሚወጣው ሙቀት መጠን ላይ ነው። 12 ግራም ካርቦን፣ ማለትም አንድ ሞል፣ ሲነድ 390 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል። የነደደው ፍም አጠገቡ ያለውን ከሰል የሚያቀጣጥለው በዚህ ነው። ያንኑ ያህል አልማዝ ወደ ግራፋይት ሲለወጥ ግን የሚወጣው 1.9 ኪሎ ጁል ብቻ ነው፤ ከሁለት መቶ እጅ አንድ አይሞላም። አንድ ካራት አልማዝ 0.2 ግራም ይመዝናል፤ እንዳለ ግራፋይት ቢሆን የሚሰጠው ሙቀት አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃን በአንድ ዲግሪ ተኩል ከፍ ቢያደርግ ነው። እንዲህ ያለ ሙቀት ጎረቤት አተሞችን ቀስቅሶ ለውጡን ሊያስቀጥል አይችልም።

ሳሙኤል ግን አሁንም አልተዋጠለትም። «እሺ፣ በቤት ሙቀት ሲለወጥ ያየው ሰው ከሌለ፣ አቅጣጫው ወደ ግራፋይት መሆኑ በምን ታወቀ?»

«ሁለቱን ለየብቻ በማቃጠል» አለች ሕይወት። «በሁለት የተለያዩ ኮረብታዎች ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎች ወደ አንድ ወንዝ ወረዱ እንበል። እያንዳንዳቸው ስንት ሜትር እንደወረዱ ካወቅህ፣ ከአንዱ ኮረብታ ወደ ሌላው ሳትሻገር የትኛው እንደሚበልጥ ታውቃለህ። እዚህ ወንዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አንድ ሞል አልማዝ ሲቃጠል 395.4 ኪሎ ጁል ይሰጣል፣ ግራፋይት 393.5። አልማዙ በ1.9 ከፍ ብሎ ነበር የቆመው ማለት ነው።»

በዚህ ላይ የኤንትሮፒ ድርሻ አለ። የግራፋይት አተሞች እንደ አልማዙ ጥብቅ ብለው ስላልታሰሩ፣ በ25 ዲግሪ ይህ ልዩነት ሌላ 1 ኪሎ ጁል ይጨምራል። ሲደመር የጊብስ ነፃ ኃይል በ2.9 ኪሎ ጁል ይቀንሳል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ኔጌቲቭ ነው፤ ስለ አቅጣጫ የሚፈርደውም ይህ ምልክት ብቻ ነው።

«ታዲያ የያዘው ምንድን ነው?»

የያዘው በመካከል ያለው ግድግዳ ነው። ግራፋይት ለመሆን መጀመሪያ የአልማዙ ማሰሪያዎች መበጠስ አለባቸው፤ አንዱን የካርቦን ማሰሪያ ለመበጠስ በሞል 350 ኪሎ ጁል ገደማ ያስፈልጋል። በቤት ሙቀት ግን የአተሞቹ ውዝዋዜ የሚያስገኘው ጉልበት በሞል 2.5 ኪሎ ጁል ያህል ነው። ሕይወት ካልኩሌተር አውጥታ 350ን ለ2.5 አካፈለች፤ 140 ሆነ። አንድ አተም በአንድ ሙከራ ያን ያህል ጉልበት የማግኘት ዕድሉ e⁻¹⁴⁰ ነው፤ 1ን፣ ከኋላው 60 ዜሮ ላለው ቁጥር እንደማካፈል። አተሙ በሰከንድ አሥር ትሪሊዮን ጊዜ ቢሞክር እንኳ የዓለም ዕድሜ አይበቃውም። ይህም ስሌት ለለውጡ ያደላ ነው፤ እውነተኛው ግድግዳ ከአንድ ማሰሪያ ይበልጣልና።

«አሁን ሙቀቱን 1,700 ዲግሪ አድርገው» አለችው። እሱ ራሱ አሰላው፤ ከቢሊዮን ሙከራ አንዱ የሚሳካ ሆኖ ወጣ። አየር በሌለበት ምድጃ ውስጥ በዚህ ሙቀት የተቀመጠ አልማዝ በእርግጥም ይጠቁራል፤ ግራፋይት ይሆናል። አየር ካለ ግን እዚያ ሳይደርስ ነዶ ያልቃል።

ሳሙኤል ዓይን ያየው ማስረጃ መሻቱ ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ማስረጃውም ከአፍሪካ ሳይወጣ አለ። በሰሜን ሞሮኮ ቤኒ ቡሴራ በሚባል ቦታ ከምድር ጥልቅ የወጣ አለት ይገኛል። በውስጡ ስምንት ገጽ ያላቸው፣ ልክ የአልማዝ ክሪስታል የሚመስሉ ቅርጾች አሉ፤ ሲመረመሩ ግን ግራፋይት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ ጥናት እነዚህ ቀድሞ አልማዝ እንደነበሩ አስረድቷል። እዚያ ጥልቀት ላይ ግፊቱ ከፍተኛ ስለሆነ አቅጣጫው ይገለበጣል፤ የሚረጋው አልማዝ ነው። ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ አቅጣጫውም ወደ ግራፋይት ይዞራል። በደቡብ አፍሪካ ኪምበርላይት የተባለው ቅልጥ አለት አልማዙን በፍጥነት ይዞት ስለወጣ፣ ሳይለወጥ በረደ። የቤኒ ቡሴራው አለት ግን እንደጋለ ቀስ ብሎ ወጣ። ለውጡ ጊዜም ሙቀትም አገኘ።

«ስለዚህ እዚያ ብሄድ» አለ ሳሙኤል፣ «ስምንት ገጽ ያለው ጥቁር ድንጋይ ባገኝ በምን አውቀዋለሁ?»

«ወረቀት ላይ አሽው» አለችው ሕይወት። «እንደ እርሳስህ ከጻፈ፣ ለውጡን ጨርሷል።»