የሚጮህ ስህተትና ዝም የሚል ስህተት፦ የኤክሴል መዝገብ ወደ ዳታቤዝ ሲገባ

የአባላቱን መዝገብ በኤክሴል የሚይዝ አንድ እድር እናስብ። አባላቱ ሲበዙ መዋጮ የሚመዘግብና ያልከፈለውን የሚለይ ፕሮግራም ያሠራል። ፕሮግራሙ ግን የሚያነበው ከኤክሴል ሳይሆን ከዳታቤዝ ነው። አራት መቶ ሰው እንደገና በእጅ መጻፍ የማይታሰብ ስለሆነ፣ የተለመደው መላ ኤክሴል ራሱ ትእዛዙን እንዲጽፍ ማድረግ ነው። በእያንዳንዱ አባል ረድፍ ጫፍ ላይ አንድ ፎርሙላ ይቀመጣል፤ ፎርሙላው ለዚያ አባል አንድ መስመር የኤስኪውኤል ትእዛዝ ያወጣል። መስመሮቹ ተገልብጠው ወደ ዳታቤዙ ይሄዳሉ። አንድ አባል ወደ ዳታቤዝ የሚገባው እንዲህ ባለ መስመር ነው፦

```sql
INSERT INTO members (id, name, phone, joined, paid)
VALUES (17, 'Me''aza', NULL, '2023-11-10', 200);
```

አጻጻፉን ልብ ብለን ብናየው ሕጉ ቀላል ነው። ቁጥር ባዶውን ይጻፋል። ስምና ቀን በነጠላ ጥቅስ ይታጠራሉ። ያልታወቀ ነገር ደግሞ ያለ ምንም ጥቅስ `NULL` ይባላል። ችግሩ የሚመጣው ኤክሴል ሆደ ሰፊ፣ ዳታቤዝ ደግሞ ቃል በቃል የሚወስድ በመሆኑ ነው። በሁለቱ መካከል ስንሻገር ሦስት ቦታ ላይ እንሰናከላለን፦ ጥቅስ፣ ባዶ ሴልና ቀን። አንዳንዱ ስህተት ወዲያው ይጮሃል፤ ዳታቤዙ አልቀበልም ይላል፣ እኛም እናስተካክላለን። አንዳንዱ ግን ዝም ብሎ ይገባል። ሥራው ሁሉ ያለው ይህን ዝምተኛውን ማግኘት ላይ ነው።

ጥቅስ፦ ጯሂው

ስማቸው በላቲን ፊደል በተጻፈ መዝገቦች ውስጥ ነጠላ ጥቅስ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። መዓዛ Me'aza፣ ሰዓዳ Se'ada ተብለው ይጻፋሉ። ስሙን እንዳለ በጥቅስ ብናጥረው `'Me'aza'` ይሆናል። ዳታቤዙ ከ`Me` ቀጥሎ ያለውን ምልክት ሲያይ ስሙ ያለቀ ይመስለዋል፤ የቀረውን `aza` ምን እንደሚያደርገው ስለማያውቅ የአጻጻፍ ስህተት አለ ብሎ ይቆማል።

መፍትሔው በስሙ ውስጥ ያለውን ጥቅስ እጥፍ ማድረግ ነው። ሁለት ነጠላ ጥቅስ ጎን ለጎን ሲያገኝ ዳታቤዙ «ይህ የስሙ አካል ነው» ብሎ አንዱን ብቻ ያስቀምጣል። ኤክሴል ላይ ይህን የሚሠራው `SUBSTITUTE` ነው። ስሙ B ዓምድ ላይ ካለ፣ አጠገቡ ባለ ባዶ ዓምድ፣ ለምሳሌ G2 ላይ፣ እንዲህ ይጻፋል፦

```
=IF(TRIM(B2)="","NULL","'"&SUBSTITUTE(TRIM(B2),"'","''")&"'")
```

ፎርሙላው መጀመሪያ በስሙ ዳርና ዳር የቀሩትን ትርፍ ክፍት ቦታዎች ይቆርጣል፤ ከዚያ ምንም ካልቀረ `NULL` ይጽፋል፤ ስም ካለ ጥቅሱን አጥፎ ያጥረዋል። ለእያንዳንዱ ዓምድ እንዲህ ያለ አጋዥ ዓምድ ማዘጋጀት ሁሉንም በአንድ ረጅም ፎርሙላ ከማጨቅ ይሻላል፤ ስህተቱ የቱ ዓምድ ላይ እንደሆነ በዓይን ይታያልና።

በጥቅስም በኩል አንድ ዝምተኛ አለ። ከዎርድ ወይም ከስልክ ተገልብጦ የመጣ ስም ቀጥ ባለው ምልክት ፈንታ የተጠማዘዘውን (’) ይዞ ሊመጣ ይችላል። ይህ ትእዛዙን አይሰብረውም። በኋላ ግን ጸሐፊው በቀጥታው ምልክት ሲፈልግ አባሏ መዝገብ ውስጥ እያለች ላትገኝ ትችላለች። ፎርሙላውን ከመዘርጋታችን በፊት በ`Ctrl+H` የተጠማዘዘውን ሁሉ በቀጥታው መተካት ይበቃል። ስሞቹ በአማርኛ ፊደል ከሆኑና የምንጠቀመው ኤስኪውኤል ሰርቨር ከሆነ ደግሞ ከመክፈቻው ጥቅስ በፊት `N` መጨመር ያስፈልጋል፤ አለዚያ `መዓዛ` በጥያቄ ምልክቶች ተተክታ ልትገባ ትችላለች።

ባዶ ሴል፦ ግማሽ ጯሂ

ባዶ ሴል እንደ ዓምዱ ዓይነት ጠባዩ ይለያያል። የመዋጮ ዓምድ ባዶ ከሆነና ምንም ካላደረግን ከኮማው በኋላ ምንም ሳይኖር ቅንፉ ይዘጋል፤ ዳታቤዙም ይጮሃል። አደጋው ያለው በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው በሚያደርገው ነገር ላይ ነው፦ ባዶውን ሁሉ በ0 መሙላት። ጩኸቱ ይቆማል፤ መረጃው ግን ተለወጠ። ሦስት አባላት አሉ እንበል፦ አንዱ 200 ብር፣ ሌላው 100 ብር ከፍለዋል፤ የሦስተኛው አልተመዘገበም። ያልተመዘገበው `NULL` ከሆነ ዳታቤዙ አማካዩን ሲያሰላ ይዘለውና 150 ይላል። 0 ከሆነ ግን ይቆጥረውና 100 ይላል። አልከፈለም ማለትና አላወቅንም ማለት የተለያዩ ናቸው፤ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ደግሞ ፎርሙላው ሳይሆን የእድሩ ጸሐፊ ነው።

የስልክ ዓምድ ላይ ነገሩ ይብሳል። ባዶውን ስልክ ዝም ብለን በጥቅስ ብናጥረው `''` ይወጣል። ይህ ለዳታቤዙ «ስልክ አለው፣ ግን አንድም አሃዝ የለበትም» እንደ ማለት ነው። ስልክ ያላቸውን አባላት ቁጠር ብንለው እነዚህንም አብሮ ይቆጥራቸዋል። ለስሙ የጻፍነው ፎርሙላ ለስልኩም ይሠራል፤ H2 ላይ B2ን በC2 ተክተን እንጽፈዋለን። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ `NULL` በጥቅስ ከታጠረ አራት ፊደል ያለው ተራ ቃል ይሆናል።

ስልክ ካነሳን፣ ኤክሴል ቁጥር መስሎት የፊተኛውን ዜሮ ይጥላል፤ በ09 የሚጀምረው ስልክ በ9 ይጀምራል። ዘጠኝ አሃዝ ብቻ የቀራቸውን `TEXT(C2,"0000000000")` ወደ አሥር ይመልሳቸዋል።

ቀን፦ ዝምተኛው

ኤክሴል ቀንን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1900 አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤ ኖቬምበር 10 ቀን 2023 ደግሞ 45240 ነው። በሴሉ ላይ የምናየው ቀን የዚህ ቁጥር ልብስ ብቻ ስለሆነ፣ ሴሉን በቀጥታ ከትእዛዙ ጋር ብናጣብቀው የሚወጣው 45240 ነው። ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል የሚያለብሰው `TEXT` ነው፤ ይህ ቅደም ተከተል ወርና ቀን የማያምታታ ነው፦

```
=IF(D2="","NULL","'"&TEXT(D2,"yyyy-mm-dd")&"'")
```

የፊተኛው `IF` ባይኖር ባዶው ቀን በኤክሴል `1900-01-00` ይሆናል። እንዲህ ያለ ቀን ስለሌለ ዳታቤዙ ብዙውን ጊዜ ይጮሃል። በጉግል ሺትስ ግን ያው ፎርሙላ `1899-12-30` ይሰጣል፤ ይህ ትክክለኛ ቀን ስለሆነ ዝም ብሎ ይገባል። ጥቅሱን መርሳትም የራሱ መዘዝ አለው። `2023-11-10` ያለ ጥቅስ የመቀነስ ሒሳብ ነው፤ ውጤቱ 2002 ይሆናል። ኤስኪውላይት ያንን ያለ ምንም ቅሬታ ይቀበላል።

ለእኛ ግን ዋናው ጣጣ የዘመን አቆጣጠር ነው። አንድ አባል በኅዳር ሚካኤል፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ገባ እንበል። ጸሐፊው 12/03/2016 ብሎ ይጽፋል። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው፤ ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አጻጻፍ ከተስተካከለ ዲሴምበር 3 ቀን 2016፣ በእንግሊዝ አጻጻፍ ከሆነ ማርች 12 ቀን 2016 ብሎ ይይዘዋል። ትክክለኛው ኖቬምበር 22 ቀን 2023 ነበር። አባሉ ሰባት ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ቀድሞ ገባ ማለት ነው፤ ማንም አልጮኸም።

ይህን የሚያጋልጡ ምልክቶች አሉ። ጥቅምት 30 ሲጻፍ 30/02 ይሆናል፤ ፌብሩዋሪ ግን 30 የላትም። ኤክሴል እንዲህ ያለውን ቀን ማድረግ ሲያቅተው እንደ ጽሑፍ ይተወውና በሴሉ ግራ በኩል ያስጠጋዋል፤ ቀን ያደረገውን ደግሞ በቀኝ። በአሜሪካ አጻጻፍ ከ12 በላይ የሆነ ቀን ሁሉ ግራ ይቀራል። ስለዚህ በአንድ የቀን ዓምድ ውስጥ ግማሹ ግራ፣ ግማሹ ቀኝ ተደርድሮ ካየን ሥራውን ማቆም አለብን። ዳታቤዙ የሚጮኸው በግራዎቹ ላይ ነው፤ የተበላሹት ግን ቀኞቹም ናቸው። ግራዎቹን ብቻ አስተካክሎ ያለፈ ሰው ስህተቱን ቀብሮታል።

መጀመሪያ የተጻፈውን መመለስ ይቻላል። በአሜሪካ አጻጻፍ የተያዘውን ቀን `TEXT(D2,"mm/dd/yyyy")` ጸሐፊው እንደጻፈው 12/03/2016 አድርጎ ያወጣዋል። ከዚያ ቀኑን K፣ ወሩን L፣ ዓመቱን M ዓምድ ላይ ለየብቻ እናስቀምጥና ኤክሴል ወደሚያውቀው ቁጥር በዚህ እንለውጣለን፦

```
=365*(M2-1)+INT(M2/4)+30*(L2-1)+K2-690799
```

ሒሳቡ የባሕረ ሐሳብን ያህል አያስቸግርም። ዓመቱ 365 ቀን ነው፤ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ስትሆን አንድ ቀን ይጨመራል፤ ወሮቹ ሠላሳ ሠላሳ ናቸው፤ የመጨረሻው ቁጥር ሁለቱን አቆጣጠሮች መነሻቸው ላይ ያገናኛል። መስከረም 1 ቀን 2016ን ብናስገባ 45181 ይሰጣል፤ ይህም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ጥቅምት 30 ደግሞ 45240 ይሆናል፤ ከላይ ያየነው የመዓዛ ቀን። ቀደም ብለን ለD2 የጻፍነውን `TEXT` አሁን በዚህ ውጤት ላይ እንጠቀማለን።

ከማጽደቅ በፊት

አጋዥ ዓምዶቹ ከተዘጋጁ፣ ስሙ G፣ ስልኩ H፣ ቀኑ I፣ መዋጮው J ላይ ሆነው፣ የመጨረሻው ፎርሙላ ማጣበቅ ብቻ ነው፦

```
="INSERT INTO members (id,name,phone,joined,paid) VALUES ("
&A2&","&G2&","&H2&","&I2&","&J2&");"
```

መስመሮቹን ወደ ማይኤስኪውኤል ስናስገባ በ`START TRANSACTION;` እንጀምር። ይህ እስክናጸድቅ ድረስ ሁሉም እንዲመለስ ያስችላል። ከዚያ ይህን እንጠይቅ፦

```sql
SELECT COUNT(*), COUNT(phone), MIN(joined), MAX(joined), SUM(paid)
FROM members;
```

የአባላቱ ብዛትና የመዋጮው ድምር ከኤክሴሉ ጋር መግጠም አለባቸው። `COUNT(phone)` ባዶዎቹን ስለሚዘል ከአባላቱ ብዛት ማነስ አለበት፤ እኩል ከሆነ `''` ገብቷል። እድሩ በ2010 ዓ.ም. ተመሥርቶ ሳለ የመጀመሪያው ቀን 1899 ወይም 2016 ከሆነ ያው ዝምተኛው ነው። ከጠረጠርን `ROLLBACK;`፣ ከገጠመ `COMMIT;` እንላለን።

ይህ መላ የሚሆነው አንድ ጊዜ ለሚደረግ፣ እኛው በምናውቀው መዝገብ ላይ ለሚደረግ ዝውውር ነው። በየወሩ የሚደጋገም ሥራ ከሆነ ፋይሉን በሲኤስቪ አስቀምጦ በዳታቤዙ የማስገቢያ ትእዛዝ መጫን ይሻላል። ሰው በኦንላይን ቅጽ የሞላውን መረጃ በዚህ መንገድ ማጣበቅ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ስም ተብሎ የተጻፈው ራሱ ትእዛዝ ሊሆን ይችላል፤ በማይኤስኪውኤል ለምሳሌ `\` ምልክት ብቻውን የምናጥፈውን ጥቅስ ሊያከሽፈው ይችላል። እዚያ ላይ እሴቱን ከትእዛዙ ለይቶ ማስተላለፍ የፕሮግራሙ ሥራ ነው።