ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (በክፍል ውጤት)

ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ቁጥሮች ከአማካያቸው ምን ያህል ተራርቀው እንደተበተኑ የሚያሳይ የስታትስቲክስ መለኪያ ነው። ስያሜውን በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፒርሰን ሲሆን፣ ምልክቱ σ (ሲግማ) የተባለው የግሪክ ፊደል ነው። በትምህርት ቤት በተለይ የሚጠቅመው ሁለት ክፍሎች እኩል አማካይ ሲያመጡ ነው።

የሁለት ክፍሎች ምሳሌ

በሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ በመርሳ በሚገኝ አንድ 2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ አንድ የሒሳብ መምህር 9ኛ ሀ እና 9ኛ ለን ያስተምራል እንበል። ሁለቱም ክፍሎች አንድ ዓይነት ፈተና ከ100 ተፈትነዋል። ቁጥሮቹ ለማስረጃ የተዘጋጁ ናቸው፤ ስሌቱ እንዲቀልም በእያንዳንዱ ክፍል ያሉት ተማሪዎች 10 ብቻ ተደርገዋል።

9ኛ ሀ፦ 52፣ 55፣ 57፣ 58፣ 60፣ 60፣ 62፣ 63፣ 65፣ 68

9ኛ ለ፦ 31፣ 36፣ 40፣ 42፣ 45፣ 75፣ 78፣ 81፣ 84፣ 88

የሁለቱም ድምር 600፣ አማካያቸውም 60 ነው። በሮስተሩ ላይ የሚጻፈው አማካይ ብቻ ከሆነ ክፍሎቹ አንድ ይመስላሉ። ነገር ግን በ9ኛ ሀ ከ50 በታች ያመጣ ተማሪ የለም፤ በ9ኛ ለ ግማሹ ክፍል ከ50 በታች ነው። እንዲያውም በ9ኛ ለ ወደ 60 የተጠጋ አንድም ተማሪ የለም፤ መምህሩ ትምህርቱን «ለመካከለኛው ተማሪ» ቢያዘጋጅ በክፍሉ ውስጥ ለሌለ ሰው ያዘጋጃል ማለት ነው።

አሠራሩ

መጀመሪያ ከእያንዳንዱ ውጤት አማካዩ ይቀነሳል። በ9ኛ ሀ 52 ያመጣው ተማሪ ልዩነቱ -8፣ 68 ያመጣው ደግሞ +8 ነው። ልዩነቶቹ እንዳሉ ቢደመሩ ሁልጊዜ ዜሮ ስለሚሆኑ ምንም አይነግሩም። ስለዚህ እያንዳንዱ ልዩነት በራሱ ይባዛል፤ ያኔ ሁሉም ፖዘቲቭ ይሆናል። የ9ኛ ሀ ብዜቶች ድምር 204 ነው። ይህ ለ10 ሲካፈል 20.4 ይሆናል፤ ቫሪያንስ የሚባለው ይህ ነው። የ20.4 ስኩዌር ሩት 4.5 ገደማ ነው። ስኩዌር ሩት የሚወሰደው በራሱ የተባዛውን ነገር ወደ ማርክ ለመመለስ ነው፤ 20.4 ማርክ አይደለም፣ 4.5 ግን ማርክ ነው።

በ9ኛ ለ ድምሩ 4716፣ ቫሪያንሱ 471.6፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑም 21.7 ገደማ ይመጣል። የመጀመሪያው ክፍል ተማሪዎች በአብዛኛው ከ60 በጥቂት ማርክ ሲለዩ፣ የሁለተኛው ክፍል ተማሪዎች በሀያ ማርክ አካባቢ ይርቃሉ። ለ9ኛ ሀ አንድ ዓይነት ክለሳ ለሁሉም ይበቃ ይሆናል፤ ለ9ኛ ለ ግን የማጠናከሪያ ትምህርቱ በቡድን ተከፍሎ ቢሰጥ ይሻላል። ለሁሉም 5 ማርክ መጨመር ክፍተቱን አያጠብም፤ አማካዩ 65 ይሆናል፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ግን እዚያው 21.7 ላይ ይቀራል።

በኤክሴል ሲሰላ

ውጤቶቹ ከB2 እስከ B11 ከተጻፉ ቀመሩ ይህ ነው፦

```
=STDEV.P(B2:B11)
```

ኤክሴል STDEV.S የሚባል ሌላ ቀመርም አለው። እሱ በ10 ፈንታ በ9 ያካፍላል፤ የታሰበውም ከብዙ ሰው መካከል ጥቂቱ በናሙናነት ሲወሰድ ነው። ሙሉው ክፍል ስለተፈተነ እዚህ የሚስማማው STDEV.P ነው። በSTDEV.S የ9ኛ ሀ መልስ 4.8፣ የ9ኛ ለ ደግሞ 22.9 ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ሁለት መምህራን በተለያየ ቀመር ሠርተው ቢያወዳድሩ ያልነበረ ልዩነት ሊታያቸው ይችላል።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስተው የቀሪ ተማሪ ዜሮ ነው። በ9ኛ ሀ 68 ያመጣው ተማሪ በዕለቱ ታሞ ቀርቶ 0 ቢመዘገብለት፣ አማካዩ ወደ 53.2 ይወርዳል፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑም ከ4.5 ወደ 18.1 ይዘላል። የሌሎቹ ዘጠኝ ተማሪዎች ውጤት ግን አልተለወጠም። ሳጥኑ ባዶ ቢተው ኤክሴል ተማሪውን አይቆጥረውም፤ ዘጠኙ ብቻ ሲሰሉ መልሱ 3.8 ገደማ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ያለወትሮው ትልቅ ሲሆን መጀመሪያ የሚታየው በማርክ ሊስቱ ላይ ዜሮ መኖር አለመኖሩ ነው።

ውስንነቱ

ይህ ምሳሌ እንደሚያሳየው ትልቅ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ብቻውን የክፍሉን መልክ አይናገርም። 18.1 በአንድ ዜሮ ምክንያት ሊመጣ ይችላል፣ ክፍሉ እንደ 9ኛ ለ ለሁለት ተከፍሎም ሊመጣ ይችላል። ውጤቶቹን በአስር በአስር መድቦ በየምድቡ ስንት ተማሪ እንዳለ መቁጠር ይለያቸዋል። ትንሽ ቁጥርም ሁልጊዜ መልካም ዜና አይደለም፦ ሁሉም ተማሪ 30 አካባቢ ቢያመጣም፣ ፈተናው ቀሎ ሁሉም 95 ቢያመጣም፣ ወይም ተማሪዎቹ ቢኮራረጁም ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ያንሳል።

ንጽጽሩ የሚያስኬደው ሁለቱ ክፍሎች አንድ ዓይነት ፈተና ሲወስዱና ውጤቱ ከእኩል ማርክ ሲታሰብ ነው። አንደኛው ክፍል ከ50፣ ሌላው ከ100 ከታረመ፣ ከ50 የታረመው ውጤት አስቀድሞ በ2 መባዛት አለበት፤ ያኔ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑም አብሮ በ2 ይባዛል።