ራውተሩ የትኛው መስኮት ላይ ይቀመጥ? የሲግናል ቁጥርን ማንበብ

ወሎ ሰፈር ውስጥ ግቢ ካለው ቤት ጎን ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ፣ ከሱ ጀርባ ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ይታያል። እንዲህ ባለ ሰፈር ሲም ካርድ ያለው ራውተር አንዱ ክፍል ውስጥ ሲፈጥን ቀጥሎ ባለው ክፍል ሊያዘግም ይችላል። ብዙዎቻችን ራውተሩን የምናስቀምጠው ሶኬት በተገኘበት ነው። ሲግናሉ የት እንደሚበረታ ግን ኪሳችን ያለው ስልክ በቁጥር ይነግረናል።

ስልኩ አናት ላይ የሚታዩት ባሮች ግምት ናቸው። ስንት ባር ይታይ የሚለው እንደየስልኩ አሠራር ስለሚለያይ፣ አንድ ቦታ ላይ አንዱ ስልክ አራት ሲያሳይ ሌላው ሁለት ሊያሳይ ይችላል። እውነተኛው ልኬት ዲቢኤም ነው፤ ስክሪን ላይ dBm ተብሎ ይጻፋል። መነሻው አንድ ሚሊዋት ነው፤ እሱ ዜሮ ተብሎ ይቆጠራል። ስልክ የሚቀበለው ኃይል ከዚያ እጅግ ስለሚያንስ ቁጥሩ ሁልጊዜ ኔጌቲቭ ነው፤ ወደ ዜሮ በተጠጋ ቁጥር ሲግናሉ ይጠነክራል። የ3 ልዩነት ኃይሉን እጥፍ ያደርገዋል፤ የ10 ልዩነት ዐሥር እጥፍ ነው። ስለዚህ -85 ከ-105 መቶ እጥፍ ይበልጣል።

በ4ጂ የምንፈልገው ቁጥር RSRP ይባላል። ከ-90 የተሻለ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው፤ እስከ -100 ድረስ በደንብ ያሠራል፤ -110 ደካማ ነው፤ -120 አካባቢ መስመሩ ሊቋረጥ ይደርሳል። የ3ጂ ቁጥር የሚለካው በሌላ መንገድ ስለሆነ ሁለቱን አታነጻጽሩ።

ቁጥሩን ለማየት በአንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ About phone፣ ከዚያ SIM status የሚለውን ክፈቱ። ዝርዝሩን ለማየት ደግሞ ከሚከተሉት ኮዶች ለስልካችሁ የሚሆነውን መደወያው ላይ ጻፉ። የመጀመሪያው ለአይፎን ነው፤ ከጻፋችሁ በኋላ የመደወያውን ቁልፍ ንኩ። ሁለተኛው ለብዙ ሳምሰንጎች፣ ሦስተኛው ለሌሎች ብዙ አንድሮይዶች ይሠራል።

```
*3001#12345#*
*#0011#
*#*#4636#*#*
```

እዚያው ገጽ ላይ PCI የሚል ሌላ ቁጥር አለ። ይህ ስልኩ ያገኘው አንቴና መለያ ነው። አንድ ታወር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሦስት አቅጣጫ የዞሩ አንቴናዎች ስላሉት፣ ለእያንዳንዱ አቅጣጫ የተለየ ቁጥር ይሰጠዋል።

አሁን ልኬቱን እንጀምር። ራውተሩ ውስጥ የምትጠቀሙበት ድርጅት ሲም ስልኩ ላይ ይኑር፤ ኢትዮ ቴሌኮምና በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሚያሠራጩት በየራሳቸው ኔትወርክ ነው። ስልኩን በእያንዳንዱ መስኮት አጠገብ በእኩል ከፍታ አስቀምጡና ቁጥሩ እስኪረጋጋ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ ከዚያ መዝግቡ። እንበል፣ ሶኬቱ ጋ -112፣ በሰሜን መስኮት -104፣ በምዕራቡ -93 አገኛችሁ። PCIውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቦታዎች 211 ሆኖ በምዕራቡ ወደ 87 ተቀየረ። ይህ ማለት በምዕራብ በኩል የሌላ፣ የሚሻል አንቴና ሲግናል ይገባል ማለት ነው። ራውተሩን ወደዚያ መስኮት ማዛወር ከሶኬቱ አጠገብ ካለው ወደ ሰማንያ እጥፍ የሚጠጋ ኃይል ይሰጠዋል።

አቅጣጫውን ለማጥራት በረንዳ ላይ ወይም ጣሪያ ላይ ቁሙ። ስልኩን ደረታችሁ ፊት ይዛችሁ በየሩብ ዙሩ ቆም እያላችሁ ዙሩ። ሰውነታችን ከኋላ የሚመጣውን ሲግናል ስለሚያዳክም፣ ቁጥሩ የተሻለበት አቅጣጫ ሲግናሉ የሚመጣበት ነው። ልዩነቱ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ከሆነ ድገሙት፤ ሰው ወይም መኪና ሲያልፍም ያን ያህል ይዋዥቃል።

ሕንፃ ላይ የሚታየውን አንቴና አይታችሁ ብቻ አትወስኑ። የሌላ ድርጅት ሊሆን ይችላል፤ ወደ እናንተ ያልዞረም ሊሆን ይችላል። በቦሌ መንገድ ዳር ያሉት የመስታወት ሕንፃዎችም ሲግናል ስለሚያንጸባርቁ፣ ጥሩው አቅጣጫ ከታወሩ ተቃራኒ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን እመኑ። የቆርቆሮ ጣሪያና በብረት ንብርብር የተሸፈነ መስታወት ደግሞ ሲግናሉን በእጅጉ ስለሚቀንሱ፣ መስኮቱን ከፍታችሁም ለኩ።

አንዳንድ ጊዜ RSRP ጥሩ ሆኖ ኢንተርኔቱ ይዘገያል። ያኔ SINR የሚለውን ተመልከቱ፤ ይህ ሲግናሉ ከጣልቃ ገብ ሲግናልና ከጫጫታ ምን ያህል እንደሚበልጥ ያሳያል። ከ20 በላይ ከሆነ ግሩም ነው፤ ከዜሮ በታች ከሆነ ሁለት አንቴናዎች እየተጋፉ ሊሆን ስለሚችል፣ RSRPው ትንሽ ቢያንስም SINRው የሚሻልበትን መስኮት ምረጡ። ሁለቱም ጥሩ ሆነው ማታ ማታ ብቻ የሚዘገይ ከሆነ ግን ችግሩ ምናልባት የተጠቃሚው ብዛት ነው፤ ራውተሩ ከዚያው አንቴና ጋር እስከተገናኘ ድረስ የትም ብታዛውሩት አይፈታም።

ቤታችሁ ውስጥ የትም ብትለኩ ከ-115 የማይሻል ከሆነ ወደ ድርጅቱ ደውሉ፤ የኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች ቁጥር 994 ነው። «ኔትወርክ የለም» ከማለት ይልቅ አድራሻችሁን፣ ሰዓቱን፣ RSRPውንና PCIውን ንገሯቸው፤ ባለሙያው የትኛውን አንቴና መፈተሽ እንዳለበት ከዚያ ያውቃል።