ባለሀብት የሚሰጠው ገንዘብ ነጻ አይደለም

የሒሳብ ባለሙያ ስለሆንኩ «ባንክ በወለድ ያስጨንቃል፣ ባለሀብት ግን በነጻ ይሰጣል» የሚሉኝ ጀማሪዎች በዝተዋል። ስህተት ነው።

ማንኩሽ ላይ ከህዳሴው ግድብ ሐይቅ ዓሣ የሚያቀርብ ድርጅት ለማቀዝቀዣ መኪና 1 ሚሊዮን ብር ፈለገ እንበል። ዓመታዊ ትርፉ 600,000 ብር ነው።

በ18 በመቶ ወለድ ለ3 ዓመት ቢበደር፣ ዋናውን በየዓመቱ እኩል እየከፈለ በድምሩ 1,360,000 ብር ይመልሳል። ከባዱ የመጀመሪያው ዓመት ነው፤ 513,000 ብር ገደማ ይከፍላል። ዓሣው ቀንሶ መክፈል ካቃተው ባንኩ መያዣውን ይሸጣል።

30 በመቶ ድርሻ ቢሸጥ ባለሀብቱ በዓመት 180,000 ብር ይደርሰዋል። ትርፍ ከሌለ ምንም አይጠይቅም። በ8ኛው ዓመት ግን የወሰደው ከብድሩ ጠቅላላ ክፍያ ይበልጣል፤ ከዚያም ይቀጥላል፤ በውሳኔም ላይ ድምፅ አለው።

ቋሚ ገዢ በውል ከያዛችሁ ብድር እመርጣለሁ፤ ገበያው ገና ካልተፈተነ ግን ጥቂት ድርሻ መሸጥ ይሻላል። የእናንተን ቁጥር ጻፉልኝ፣ አብረን እናስላው።