ዘጠና ሺህ ብር ስንት ብር ነው?

የስፖንሰር ውል እጁ ሲገባ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው የብሩን መጠን ነው። እሱን ካገኘ በኋላ ቀሪውን አራት አምስት ገጽ «የተለመደ ነገር ነው» ብሎ ይፈርመዋል። ብሩን ትልቅ ወይም ትንሽ የሚያደርገው ግን ያ ሳይነበብ የታለፈው ገጽ ነው።

በዩቲዩብና በቲክቶክ የምግብ አሠራር የምታሳይ አንዲት አዲስ አበቤ አለች እንበል። አንድ የምግብ ዘይት አምራች ለሦስት ቪዲዮ 90,000 ብር እከፍላለሁ ብሎ ረቂቅ ውል ይልክላታል። በረቂቁ መሠረት ክፍያው የሚፈጸመው ሥራው ተቀባይነት ካገኘ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ባለቻናሏ ለ1 ዓመት ከሌላ የምግብ ድርጅት ጋር አትሠራም። ድርጅቱ እስኪረካ ድረስ ማስተካከያ ታደርጋለች። ቪዲዮዎቹንም ድርጅቱ በማንኛውም መንገድ፣ ላልተወሰነ ጊዜ ይጠቀምባቸዋል። ክፍያው ቢዘገይ ምን እንደሚሆን አንድም ቃል የለም።

መጀመሪያ ሒሳብ የሚሠራበት ቦታ ከሌላ ጋር አለመሥራቱ ነው። «የምግብ ድርጅት» ሲባል በርበሬውም፣ ፓስታውም፣ ዱቄቱም፣ የቲማቲም ድልሁም አብሮ ይገባል። ይህቺ ሴት ከእንዲህ ዓይነት ድርጅቶች በወር በአማካይ 20,000 ብር የምታገኝ ከሆነ በዓመቱ 240,000 ብር ይቀርባታል። 90,000 ለመቀበል 240,000 መተው ማለት ነው። እዚህ ላይ መቆጣት አይጠቅምም፤ ድርጅቱን መጠየቅ ነው፦ «የሚያሳስባችሁ የማን ማስታወቂያ ነው?» ብዙውን ጊዜ መልሱ ሁለት ወይም ሦስት የዘይት ስም ነው። እንግዲያው ውሉ «የምግብ ዘይት» ይበል፤ ቢቻል የተፎካካሪዎቹ ስም ይዘርዘር። ጊዜውም ከመጀመሪያው ቪዲዮ ጀምሮ የመጨረሻው ከተለቀቀ በኋላ እስከ 30 ቀን ይሁን። ድርጅቱ ዓመቱን ሙሉ ካልሆነ አልቀበልም ካለ መብቱ ነው፤ ግን ለታገደው ለእያንዳንዱ ወር ለብቻው ይክፈል። ቀደም ብሎ የተለቀቁ የሌላ ዘይት ቪዲዮዎች ይነሡ ወይስ ይቆዩ የሚለውም አብሮ ይጻፍ። ካልተጻፈ በኋላ «ያንን አጥፊልን» መባሉ አይቀርም።

ማስተካከያው ቀላል ይመስላል፤ ሥራውን ለሚያውቅ ግን ዋናው ኪሳራ ያለው እዚያ ነው። ቪዲዮው የዶሮ ወጥ ነው እንበል። ተቀርጾ፣ ተቀናብሮ ከተላከ በኋላ የማርኬቲንግ ክፍሉ «ዘይቱ ሲጨመር የጠርሙሱ ስም ወደ ካሜራው ይዙር» ይላል። ይህ በኮምፒውተር የሚስተካከል አይደለም። ሌላ ዶሮ ተገዝቶ፣ ሽንኩርቱ እንደገና ተከትፎ፣ ለሰዓታት ቁሌቱ ሲቁላላ ውሎ የሚሠራ ነው። ስለዚህ የማስተካከያው ዙር በሁለት ይከፈል። አንዱ ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት በስክሪፕቱ ላይ ነው፤ ጠርሙሱ የት እንደሚቀመጥና ምን እንደሚባል ያኔ ይጽደቅ። ሌላው በተቀናበረው ቪዲዮ ላይ ነው፤ ጽሑፍ፣ ድምፅ፣ መቁረጥና መቀጠል ብቻ። የጸደቀውን ስክሪፕት የሚለውጥ ጥያቄ አዲስ ሥራ ነው፤ ዋጋውም አስቀድሞ ይቀመጥ። ባለቻናሏ የጸደቀውን ትታ ዋጋ ወይም ስም ተሳስታ ከተናገረች ግን ያለ ክፍያ ማረም አለባት፤ ይህ እንደ ዙር አይቆጠርም። ድርጅቱ አስተያየቱን በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ካልላከ ሥራው እንደጸደቀ ይቆጠራል የሚል መስመርም ያስፈልጋል። ምክንያቱ ክፍያው ላይ ስንደርስ ይታያል።

የአጠቃቀም መብት ብዙ ሰው የማይጠይቀው አንቀጽ ነው። ባለቻናሏ ቪዲዮውን በራሷ ገጽ መልቀቋ አንድ ነገር ነው። ድርጅቱ በራሱ ገጽ መለጠፉ፣ ብር ከፍሎ ቡስት ማድረጉ፣ ለቴሌቪዥን መቁረጡ፣ ፊቷን ቢልቦርድ ላይ መስቀሉ ደግሞ እያንዳንዱ ለብቻው የሚሸጥ ነገር ነው። 90,000 ብሩ በገጿ ለመልቀቅና ድርጅቱ በራሱ ገጽ ለ3 ወር እንዲያጋራው ነው ብሎ መወሰን ይቻላል፤ ቴሌቪዥንና ቢልቦርድ ሲፈለግ በሌላ ስምምነት ይሁን። ቲክቶክ ላይ ስፓርክ አድስ የሚባል አሠራር አለ፤ ድርጅቱ የባለቻናሉን ቪዲዮ በማስታወቂያ እንዲያስኬድ ባለቻናሉ ራሱ ኮድ አውጥቶ ይሰጠዋል። ኮዱ ሲወጣ መተግበሪያው የ7፣ የ30፣ የ60 ወይም የ365 ቀን ምርጫ ያቀርባል። ውሉ 30 ቀን ብሎ ኮዱ በ365 ከወጣ ማስታወቂያው ከውሉ በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ስለዚህ ሁለቱ መግጠማቸው ይታይ። ቪዲዮው ተቆርጦ ያላለችውን እንዳለች ተደርጎ እንዳይቀርብም ይጻፍ።

ወደ ክፍያው ስንመጣ ከ60 ቀኑ ይልቅ አደገኛው «ተቀባይነት ካገኘ በኋላ» የሚለው ነው። ማጽደቅ ያለበት ሰው እረፍት ከወጣ ቆጠራው አይጀምርም። ለዚህ ነው የ3 ቀኑ መስመር ያስፈለገው። ከዚያም ክፍያው ይከፋፈል፦ 45,000 ሲፈረም፣ 30,000 ሁለተኛው ቪዲዮ ሲለቀቅ፣ 15,000 ሦስተኛው በተለቀቀ በ15 ቀን ውስጥ። ሁለተኛው ክፍያ ካልገባ ሦስተኛው ቪዲዮ አይለቀቅም። ከመፈረሙ በፊት ፋይናንስ ክፍሉ ምን ሰነድ እንደሚፈልግ መጠየቅም ግድ ነው፤ በደረሰኝ ወይም በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ምክንያት ክፍያ ሲንጠለጠል የማርኬቲንጉ ሰው ምንም ሊያደርግ አይችልም። 90,000 ብሩ ቀድሞ የሚቀነሰው ግብር ከመነሣቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚመለከታት ከሆነ 15 በመቶው በላዩ ይታሰባል ወይስ ውስጡ ነው? ይህም በአንድ መስመር ይለቅ።

ስለ መዘግየቱ ውሉ ዝም ካለ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አለ። በገንዘብ ዕዳ ላይ ወለዱ በውል ካልተወሰነ በዓመት 9 በመቶ ነው። 45,000 ብር ሦስት ወር ቢዘገይ የሚገኘው ወለድ 1,012 ብር ከ50 ሳንቲም ብቻ ነው። በዚህ ገንዘብ ማንም ፋይናንስ ክፍል አይደነግጥም። ሕጉ ተዋዋዮች የመቀጫውን ልክ አስቀድመው በውላቸው እንዲወስኑ ስለሚፈቅድ ለእያንዳንዱ የዘገየ ሳምንት የሚታሰብ መጠን ማስገባት ይቻላል። ባልደረሰበት ቀን በስልክ ከመጨቃጨቅም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይሻላል፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ የሚፈለገው እሱ ነው።

ከመቀጫው የሚበልጥ ኃይል ያለው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ድርጅቱ በቪዲዮዎቹ የመጠቀም መብት የሚኖረው ክፍያው ሙሉ በሙሉ ሲጠናቀቅ ነው።» ቪዲዮውን ቡስት ለማድረግ የቸኮለው የማርኬቲንግ ክፍል ያኔ ራሱ ፋይናንሱን ይወተውታል።

ሁሉንም ነጥብ በአንድ ድርድር ማስለወጥ አይቻልም፤ አንዱን ለማግኘት ሌላው ይለቀቃል። በእኔ አስተያየት ቢዘገይም ብሩ ይመጣል፣ እገዳውም ጊዜው ሲደርስ ያበቃል። «ላልተወሰነ ጊዜ» ተብሎ የተሰጠ ፊትና ድምፅ ግን አይመለስም። ስለዚህ አንድ ነጥብ ብቻ የማስለወጥ አቅም ያለው ሰው እሱን ያስለውጥ።