ከ80 ፎቶ 20ው

የሠርግ ፎቶ የሚያነሳ ወዳጄ ለድረ ገጹ የመረጣቸውን 80 ሥራዎች አሳየኝ። ግማሹ ያው ሙሽሮች፣ ያው ፈገግታ ነው። በትንንሹ አሳትመን ወለሉ ላይ ዘረጋናቸውና የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ ሰበሰብን፤ ከየክምሩ አንዱን ብቻ አስቀርተን 20 ያህል ላይ ደረስን። የኬክ ቆረሳው በሙሉ ወደቀ። የሙሽሪት እናት ልጃቸውን ሲሸኙ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን የሸፈኑበት ፎቶ ግን፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀን፣ መጀመሪያ ላይ ገባ። ጎብኚው ሌላውን ለማየት የሚጓጓው ወይም ዘግቶ የሚሄደው በመጀመሪያው ፎቶ ነው።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነበር። ወዳጄ ከእንግዲህ ለምግብ ቤቶች መሥራት ይፈልጋል፤ ያሉት ጥሩ የምግብ ፎቶዎች ግን 6 ብቻ ናቸው። ደንበኛ የሚያዘው ያየውን ዓይነት ሥራ ነውና ጥቂት ናቸው ብለን አልደበቅናቸውም። ከቬሎው ጋር ሳንቀላቅል የራሳቸውን ገጽ ሰጠናቸው።

ከካሜራው የወጣው ፋይል 12 ሜጋባይት ነበር። ረጅሙን ጎን ወደ 2000 ፒክስል ስናወርደው ከግማሽ ሜጋባይት በታች ሆነ። ከዚያ ዋይፋዩን አጥፍተን በስልክ ዳታ ሞከርነው፤ የእናትየው ፎቶ ወዲያው ተከፈተ።